ሚስ፣ ጥያቄ 6ን በየትኛው ሰዓት እንሥራው?

ጥያቄው ሲታይ የዋህ ነው። አንድ ቤተ መጻሕፍት ከ2፡30 ኤ ኤም እስከ 9፡00 ፒ ኤም ክፍት ከሆነ በቀን ስንት ሰዓት ያገለግላል? በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ለ4ኛ ክፍል የተሰጠ፣ ከ5 የሚታረም የቤት ሥራ ነው እንበል። ሒሳብን በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩ የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤቶች ወላጅ እንዲህ ያለውን ነገር ያውቀዋል። ኤ ኤም እና ፒ ኤምን በቅርቡ የተማረው ልጅ ከሌሊቱ 2፡30 (በእኛ 8፡30 መሆኑ ነው) ተነሥቶ እስከ ምሽት ይቆጥርና 18 ሰዓት ተኩል ይላል። አባት ደግሞ፣ “የትኛው ቤተ መጻሕፍት ነው ሌሊት የሚከፈተው? 2፡30 ማለት ጠዋት ነው፤ 9 ሰዓትም ከቀትር በኋላ ነው” ይልና 6 ሰዓት ተኩል ያወጣል። እናት ለማስታረቅ ትገባለች። መክፈቻውን ወደ ፈረንጅ ሰዓት ትለውጥና 8፡30 ታደርገዋለች፤ መዝጊያውን ግን እንዳለ ትተወዋለች፤ 12 ሰዓት ተኩል ይመጣል። አንድ ቤት፣ አንድ ጥያቄ፣ ሦስት መልስ። አሁን ይህን ክፍሉ ውስጥ ባሉት ልጆች ቁጥር አባዙትና የዚያን ምሽት የወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ምን እንደሚመስል አስቡት።

ለመሆኑ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከየት ይመጣል? መምህርቷ ጥያቄውን በአማርኛ አስባ፣ ወይም ከአማርኛ ወስዳ፣ ወደ እንግሊዝኛ ስትመልሰው “ከጠዋቱ” የሚለውን ኤ ኤም፣ “ከሰዓት በኋላ” የሚለውን ፒ ኤም ብላ ቁጥሮቹን እንዳሉ ትታቸው ይሆናል። የእኛ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው፤ የፈረንጁ ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ። ስለዚህ ቃሉ ተሻግሮ ቁጥሩ ሳይሻገር ሲቀር በሁለቱ መልሶች መካከል ድፍን 12 ሰዓት ይገባል። ግን ይህ አንዱ ግምት ብቻ ነው። ሁለተኛው ግምት፣ መምህርቷ ሆን ብላ ልጆቹ ኤ ኤምና ፒ ኤምን ተሻግረው መቁጠር ይችሉ እንደሆነ ለማየት ያልተለመደ ሰዓት ሰጥታለች የሚል ነው፤ እንዲያ ከሆነ 18 ሰዓት ተኩል ትክክል ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱም ለልምምድ ሲባል ሌሊት ይከፈታል። ሦስተኛው፣ ልጆቹ ሁለቱን አቆጣጠሮች እንዲያነጻጽሩ በክፍል ውስጥ የነገረቻቸው ነገር ኖሮ ልጁ ቤት ሲደርስ ረስቶታል። የዚህ ዕድሜ ልጅ የዕረፍት ሰዓት ጨዋታን ከነዝርዝሩ ይዞ መጥቶ የመምህሩን መመሪያ ግን በር ላይ እንደሚጥል የማያውቅ ወላጅ የለም። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ቤት ተቀምጦ ማወቅ አይቻልም። የምከራከርለት ነገር ሁሉ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። ለመምህር የሚላክ ጥሩ መልእክት ከሦስቱ አንዱን አስቀድሞ ያልመረጠ መልእክት ነው። ክስ የሚሆነው በቃላት ሻካራነት ብቻ አይደለም፤ ላኪው ሳይጠይቅ በልቡ ፈርዶ ሲጨርስ ነው። ፍርዱ ካለ ደግሞ የፈለገውን ያህል ማር ቢቀባ ይታያል።

ብዙ ሰው ግን መፍትሔው ትሕትና ይመስለዋል። እስኪ በትሕትና የተለሰነውን መልእክት እንመልከት፦ “ሚስ እንዴት አመሹ፣ በቅድሚያ ለልጆቻችን ለሚያደርጉት ሁሉ ከልብ እናመሰግናለን። ይቅርታ ያድርጉልኝና ምናልባት እኔ ስላልገባኝ ይሆናል፣ ለማስቸገርም አይደለም፣ ስሕተት ለመፈለግም አይደለም፣ ብቻ ጥያቄ 6 ላይ ትንሽ ግራ ስለገባን ነው።” እዚህ ውስጥ ስድብ የለም። ነገር ግን አማርኛ አንባቢ ሰምና ወርቅ ሲፈታ ያደገ ነው። ሰሙ በበዛ ቁጥር ወርቁን ፍለጋ ይቆፍራል። “ስሕተት ለመፈለግ አይደለም” የሚለውን ያነበበች መምህር የምታስታውሰው “ስሕተት” የሚለውን ነው፤ ማንም ሳይከሳት ክሱ ተነሥቷልና። “ምናልባት እኔ ስላልገባኝ” የሚለውም በእኛ ዘንድ ከአሽሙር ጋር ቅርብ ዘመድ ነው፤ ቢሮ ውስጥ “እኔ እንኳ ብዙ አላውቅም ግን” ብሎ የጀመረ ሰው ቀጥሎ ምን ሊናገር እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሰባት ቃል ለሚበቃው ጥያቄ ሃያ ቃል መግቢያ ሲደረግለት፣ አንባቢዋ ከጥያቄው በፊት ለመልስ ምት ትዘጋጃለች። በዚያ ላይ እንዲህ ያለው መልእክት አንድ ዋና ነገር ይጎድለዋል፤ ግራ ያጋባው ነገር ምን እንደሆነ አይናገርም። መምህርቷ ወረቀቱን አውጥታ፣ ጥያቄ 6ን አንብባ፣ ጥፋቷን ራሷ እንድትፈልግ ታዛለች። ትሕትናው ሥራውን ወደ እሷ አዞረው ማለት ነው።

ሁለተኛው የተለመደ ጥፋት ብዙ ሰው አሰልፎ መምጣት ነው። “እኛ ወላጆች”፣ “ሌሎችም ተመሳሳይ ቅሬታ አላቸው”፣ “ልጆቻችን በጣም ተቸግረዋል”። ይህ ቋንቋ የሚወለደው ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ግሩፕ ውስጥ ነው። ሁለተኛው ግሩፕ የቱ እንደሆነ ለማያውቅ ላስረዳ። ብዙ ክፍል ሁለት ግሩፕ አለው፦ አንደኛው ሚስ ያለችበት፣ የልደት ኬክና የወላጆች ስብሰባ ማስታወቂያ የሚለጠፍበት ጨዋ ግሩፕ ነው፤ ሁለተኛው ሚስ የሌለችበት ነው። ጥያቄ 6 መጀመሪያ ለውይይት የሚቀርበው እዚያ ነው፤ እዚያ ደግሞ ማንም ለስላሳ ቃል አይመርጥም። በሩብ ሰዓት ውስጥ ከቤተ መጻሕፍቱ ተነሥቶ ወደ ትምህርት ጥራት፣ ከዚያ ወደ ክፍያ ጭማሪ፣ ከዚያ ባለፈው ዓመት ወደነበረችው መምህር ይደረሳል። ከዚያ አንዱ ይወከልና የተጠራቀመውን ሙቀት በጨዋ ቋንቋ ጠቅልሎ ወደ መጀመሪያው ግሩፕ ይዞት ይሄዳል። መምህርቷ የምታየው ስለ አንድ ጥያቄ የተጻፈ አራት መስመር ነው፤ የምትሰማው ግን ከጀርባው ያለውን ስብሰባ ነው። ሞቅ ባለው ውይይት መሐል ለሁለተኛው ግሩፕ የታሰበው የድምፅ መልእክት አንደኛው ውስጥ የሚገባበትን አጋጣሚ ላንሣው አልፈልግም፤ ቴሌግራም ለሁሉም ሰው ማጥፋት ይፈቅዳል፤ ቀድሞ የሰማን ሰው ግን ማስረሳት አይችልም።

እንግዲህ የሚሠራው መልእክት ምን ይመስላል? እንዲህ ይመስለኛል፦ “ጤና ይስጥልኝ ሚስ። የዛሬው የሒሳብ ዎርክሺት፣ ጥያቄ 6፣ ቤተ መጻሕፍቱ ያለበት። ሰዓቱን በአገራችን አቆጣጠር ስናነበው 6 ሰዓት ተኩል፣ ኤ ኤምና ፒ ኤምን እንደ እንግሊዝኛው ስናነበው 18 ሰዓት ተኩል ይመጣል። ልጆቹ በየትኛው ይሥሩት? ነገ ጠዋት ክፍል ውስጥ ቢነግሯቸውም ይበቃል፤ እስከዚያ ሁለቱንም ጽፈው ይመጣሉ። እናመሰግናለን።” ከሥሩ የጥያቄው ፎቶ ይያያዛል፤ ፎቶው ጥያቄው ብቻ የሚነበብበት ይሁን እንጂ ልጁ ጠርዙ ላይ የሳለው ታንክ አይግባበት።

ይህ መልእክት ለምን እንደማይከስ አንድ በአንድ ማየት ይጠቅማል። መጀመሪያ፣ የዓረፍተ ነገሮቹ ባለቤት ማነው? ሰዓቱ፣ ጥያቄው፣ “ስናነበው” የምንለው እኛ ነን። “ሰጥተዋል”፣ “ጽፈዋል”፣ “አልገለጹም” የሚል አንድም ግሥ የለም። የአማርኛ ግሥ አድራጊውን በሆዱ ይዞ ስለሚሄድ፣ “አልገለጹም” ያለ ሰው ስም ባይጠራም ጣቱን ቀስሯል። ቀጥሎ፣ ጥያቄው “ለምን” አይልም። “ለምን እንዲህ ሆነ?” የተባለ ሰው የሚመልሰው ምክንያት ነው፤ ምክንያት ደግሞ ለጥፋት ነው የሚቀርበው። “በየትኛው ይሥሩት?” የተባለች መምህር ግን በአንድ ቃል መልሳ እራቷን መቀጠል ትችላለች። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ፣ ያው ጥያቄ ከላይ ላነሣናቸው ሦስት ግምቶች ሁሉ እኩል ይሆናል። ተሳስታ ከሆነ “በአገራችን ይሁን” ብላ ታርመዋለች፤ ስሕተቱን መናዘዝ አያስፈልጋትም። ሆን ብላ ከሆነ “በእንግሊዝኛው፣ እንደተማሩት” ትላለች፤ ወላጅም አላፈረ። ክፍል ውስጥ ነግራቸው ከሆነም “ሁለቱንም አነጻጽረው እንዲጽፉ ነግሬያቸው ነበር” ትላለች፤ ያን ጊዜ ሁሉም ወላጅ ወደ ገዛ ልጁ ዞር ብሎ ያያል። ከሦስቱ በየትኛውም ማንም ሰው ፊቱ አይቀላም።

ሁለቱ ቁጥሮችም ብዙ ሥራ ይሠራሉ። “ጥያቄው ግልጽ አይደለም” አስተያየት ነው፤ ሰው አስተያየትን መከራከር ይችላል። 6 ተኩልና 18 ተኩል ጎን ለጎን ተቀምጠው ግን ከማንም ጋር አይከራከሩም፤ ያየ ሁሉ ችግሩን ያያል። ቁጥሮቹ ወላጅ ሞክሮ እንደመጣም ያሳያሉ፤ መምህርን ከሚያስቆጡ ነገሮች አንዱ ወረቀቱን ሳያነብ “ልጄ አልገባውም አለ” ብሎ የሚልክ ወላጅ ነው። የእናትን 12 ተኩል ከመልእክቱ ያወጣሁት ሆን ብዬ ነው። እሱ የመጣው አንዱን ሰዓት ለውጦ ሌላውን ከመርሳት ነው እንጂ ከጥያቄው አይደለም፤ የቤታችንን ስሕተት ከጥያቄው ችግር ጋር ደርበን ብንልከው ችግሩን ያገነነው ይመስለናል፤ መምህርቷ ግን በትክክል አንዱን ስሕተት ይዛ ሌላውን ሁሉ ትጥለዋለች። “ነገ ጠዋት ቢነግሯቸውም ይበቃል” የሚለው መስመርም ለማሳመር የገባ አይደለም። ማታ 2 ሰዓት ላይ የደረሰ ጥያቄ አሁኑኑ መልሺ የሚል ድምፅ አለው፤ ዝም ካለች ዝምታዋ በግሩፑ ፊት ይቆጠርባታል። ልጆቹ ሁለቱንም ጽፈው እንደሚመጡ ስትሰማ ግን የሚያጣድፋት ነገር አይኖርም፤ ልጁም ማርኩን አያጣም። በነገራችን ላይ ቴሌግራም መልእክትን ያለ ድምፅ የመላክ ምርጫ አለው፤ የመላኪያውን ምልክት ተጭኖ መቆየት ብቻ ነው። ብዙ ሰው ሦስት ዓመት ተጠቅሞበት ይህን አያውቅም፤ ስቲከሩን ግን ሁሉ ያውቃል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይመጣል፦ ይህን ያህል ጥንቃቄ ከሚያስፈልግ ለምን በግል አይላክላትም? ስሕተት በሰው ፊት አይነሣም የሚለው ባህላችን ትክክለኛ ነው፤ ለአንድ ዓይነት ጉዳይም ልክ ነው። መምህርቷ 7 ሲባዛ በ8 54 ነው ብላ አርማ ብትመልስ ጉዳዩ ስሕተት እንጂ አሻሚ አይደለም፤ አንድ ወላጅ በግል ጠቆም ማድረግ አለበት፤ ማስተካከያውንም ራሷ በራሷ ቃል ታሳውቅ። ጥያቄ 6 ግን ሁለት መንገድ ያለው ነገር ነው፤ እስከዚያ ሰዓትም ግማሹ ቤት በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ጽፏል። መልሱ ለሁሉም መድረስ አለበት። በግል ይሁን ከተባለ ደግሞ የሚሆነው ይታወቃል፤ እያንዳንዱ ወላጅ “እኔ ብቻ ነኝ” ብሎ ይልክና መምህርቷ በአንድ ምሽት ያንኑ መልስ ለክፍሉ ልጆች ቁጥር ያህል ስትጽፍ ታመሻለች። ስለዚህ መለኪያዬ ይህ ነው፦ አንድ ትክክለኛ መልስ ብቻ ያለው ስሕተት በግል፤ ሁለት ንባብ ያለው ጥያቄ በግሩፕ። በግሩፕ ሲላክ ግን አንድ ሰው ብቻ ይላክ። ቀሪው “እኛም ጋ” እያለ መከተሉ ድጋፍ ይመስላል፤ ከመምህሯ ወንበር ሲታይ ግን የምስክሮች ሰልፍ ነው። ከሥሩ የሚደረደሩት አውራ ጣቶችም ለጥያቄው ይሁን ለክሱ መሆናቸውን ማንም አይለያቸውም።

ሌላው ተቃውሞ ከኪስ የሚነሣ ነው። በየተርሙ የምንከፍለው ቀላል አይደለም፤ ለስላሳ ስንሆን ነገሩ ይለመዳል፤ ጥፋት ጥፋት መባል አለበት የሚሉ አሉ። ስሜቱ ይገባኛል። ነገር ግን ክፍያው የሚገባው ለትምህርት ቤቱ ነው፤ ዎርክሺቱን ማታ ማታ የምታዘጋጀው ደግሞ ሌላ ሰው ናት፤ ሁለቱን ማምታታት ብዙ ጊዜ የጠባችን መነሻ ነው። ደግሞስ ቁጣው ምን ያመጣል? የተቆጣንባት መምህር በሚቀጥለው ሳምንት የምትሰጠው የተሻለ ጥያቄ ሳይሆን የማያከራክር ጥያቄ ነው፤ ከመጽሐፉ ገጽ ጠቅሳ “ከ1 እስከ 10 ሥሩ” ትላለች፤ ቤተ መጻሕፍቱም ለዘላለም ይዘጋል። ነገሩ ከተደጋገመ፣ በየሳምንቱ ሰዓቱና ቀን አቆጣጠሩ ከተምታታ፣ ያ የአንድ ምሽት መልእክት ጉዳይ አይደለም። ወረቀቶቹን ሰብስቦ በቀጠሮ ዩኒት ሊደሯን ማነጋገር ነው፤ እዚያም ቢሆን የሚቀርበው ወረቀቶቹ እንጂ የመምህሯ ጠባይ አይደለም። ጥያቄ 6ን የዓመቱ ቅሬታ ሁሉ መጫኛ ማድረግ ግን ለሁለቱም ጉዳይ አይበጅም፤ ቅሬታውም አይሰማም፣ ጥያቄውም አይመለስም።

ከሁሉም የሚከብደኝ ተቃውሞ ሦስተኛው ነው። የቤት ሥራው የልጁ ነው፤ ለምን ልጁ ራሱ ጠዋት እጁን አውጥቶ አይጠይቅም? ይህን ሙሉ በሙሉ መመለስ አልችልም፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ልክ ነው። የ4ኛ ክፍል ልጅ “ሚስ፣ በሁለት መንገድ ሠራሁት፣ ሁለት መልስ መጣልኝ” ማለት ከቻለ፣ 18 ተኩልም ሆነ 6 ተኩል ከሚያስገኝለት ማርክ በላይ ተምሯል። ስለዚህ መልእክቱን ከመላክ በፊት መጠየቅ ያለበት፣ ይህ ነገር እስከ ጠዋት መቆየት ይችላል ወይ የሚለው ነው። ወረቀቱ ጠዋት ገና በሩ ላይ የሚሰበሰብ ካልሆነ፣ ልጁም ተናግሮ የሚያስረዳ ከሆነ ይቆይ። የሚላከው ልጁ ዓይን አፋር ሲሆን፣ ወይም ወረቀቱ ሳይጠየቅ ተሰብስቦ የሚታረም ሲሆን፣ ወይም ግሩፑ ቀድሞ ጎራ ለይቶ አንድ መልስ ካላገኘ የማይተኛ ሲሆን ነው። ለነገሩ ወላጅ ልጁን ወክሎ በላከው መልእክት ውስጥም ልጁ ድርሻ ይኑረው፤ ሁለቱን መልስ ደብተሩ ላይ ጎን ለጎን የሚጽፈው እሱ ይሁን። አባት በራሱ ቆንጆ እጅ ጽፎት የሄደ ደብተር ከየትኛውም የቴሌግራም መልእክት በላይ መምህርን ያስቆጣል፤ ይህን ደግሞ በግሩፕ ነግራችሁ አታውቅም።

ከዚያ መልሱ ይመጣል። አጭር ነው፤ “በአገራችን አቆጣጠር ይሥሩት፣ አመሰግናለሁ” የሚል። አንዳንድ ምሽት ደግሞ አይመጣም፤ መምህርቷም ልጆች አሏት፤ እነሱም የቤት ሥራ አላቸው። መልሱ ሲመጣ “እኔ ብዬ ነበር” የሚል አባት እንዳለ ይታወቃል፤ 18 ሰዓት ተኩል ያለው ልጁ ኤ ኤምና ፒ ኤምን በትክክል ማንበቡንም ያስታውስ፤ ልጁ ያነበበው የተጻፈውን ነው። ለሚስ ግን አንድ ሰው “እናመሰግናለን” ይበላት፤ ጥያቄውን የላከው ሰው ቢሆን ይመረጣል። ሌሎቻችሁ እባካችሁ አትድገሙት። ስቲከርም አትላኩ። ልጆቹ 6 ሰዓት ተኩል ብለው ያስተካክሉ፤ ከዚያ ይተኙ።